እርድ በነጠላ ላይ፣ እርድ በደም ውስጥ

አልጫ ወጥ ነጠላ ላይ ተንጠባጥቦበት የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን አይረሳም። ቢጫው ነጥብ በውኃ ቢታሽ ንቅንቅ አይልም። ሳሙና ሲነካው ደግሞ ይለቃል ሲባል በአንድ አፍታ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጥና ባለቤቱን ያስደነግጣል። እናቴ እንዲህ ያለ ልብስ ሲያጋጥማት በሳሙና መታገሉን ትታ አለቅልቃ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር። ጠንከር ያለ ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ሲመታው ነጥቡ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል።

ውኃን የሚሸሸው፣ በሳሙና የሚለወጠውና በፀሐይ የሚጠፋው ቀለም ኩርኩሚን ይባላል። እርድን ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በእንክብል ታሽጎ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለአንጀት፣ ለልብና ለብዙ ሌላ ነገር መድኃኒት ነው እየተባለ የሚሸጠውም እሱ ነው። ነጠላው ላይ ያየነው ጠባዩ ሆዳችን ውስጥም አይለየውም። ስለ ኩርኩሚን ሲወራ ሁልጊዜ የሚዘለለው ግን ይኸው የሆድ ውስጥ ታሪኩ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጉልበታቸውን ዓመታት ሙሉ የሚያማቸው እናት ናቸው፤ ልጃቸው ከቨርጂኒያ አንድ ብልቃጥ እንክብል ላከችላቸው። ይዘውት መጡና «አንተ ልጅ፣ እርድ ነው አሉኝ እኮ። እርድማ ከቤቴ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ይኼ ከእኔው በምን ይበልጣል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከብዙ ማስታወቂያ የተሻለ ጥያቄ ነው፤ በስሌት እንጀምረው።

ገበያ ላይ የምናገኘው የእርድ ዱቄት ከክብደቱ ኩርኩሚን የሆነው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ቢመዝን፣ በውስጡ ያለው ኩርኩሚን 90 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ያ ማንኪያ ለስድስት ሰው የሚበቃ አልጫ ውስጥ ከገባ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 15 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በታች ከምናያቸው ጥናቶች አብዛኞቹ በቀን ከ2 እስከ 12 ግራም ኩርኩሚን የሰጡ ናቸው። 12 ግራሙን ከዱቄት እናግኝ ብንል 400 ግራም እርድ በአንድ ቀን መብላት ሊኖርብን ነው። ስለዚህ የጎረቤቴ አልጫና የልጃቸው እንክብል በስም ቢገናኙም በመጠን አይተዋወቁም።

አሁን ወደ ዝናው ምንጭ እንሂድ። እግራችን ሲቆስል ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በሚተላለፍ መልእክት ነው። ከመልእክተኞቹ ዋነኛው ቲ ኤን ኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው። መልእክቱን የተቀበለው ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሥራው ወደ ሕዋሱ እምብርት፣ ማለትም ዘረ መል ወደሚቀመጥበት ክፍል ገብቶ የብግነት ዘረ መሎችን ማስነሣት ነው። ሰላም በሆነበት ጊዜ ግን እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ አይ ካፓ ቢ የሚባል ጠባቂ ጨምድዶ ከእምብርቱ ውጭ ያቆየዋል።

ቲ ኤን ኤፍ ከሕዋሱ ውጭ ሲያንኳኳ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ይነቃና ጠባቂው ላይ ምልክት ያደርግበታል። ምልክት የተደረገበት ጠባቂ ሕዋሱ አሮጌ ፕሮቲኖችን ወደሚያደቅበት ክፍል ተወስዶ ይፈጫል። ያን ጊዜ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ ነጻ ሆኖ ወደ እምብርቱ ይገባል፤ እብጠትና ሕመም የሚያመጡ በርካታ ፕሮቲኖችም መመረት ይጀምራሉ። ከእነዚህ አንዱ አይቡፕሮፌን ስንውጥ የምናግደው ኢንዛይም ነው። ሌላው ራሱ ቲ ኤን ኤፍ ነው፤ እሱም ወጥቶ የጎረቤት ሕዋሶችን በር ያንኳኳል። በጤናማ ሰው ላይ አብሮ አዲስ ጠባቂ ስለሚመረት ነገሩ በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ሥር በሰደደ ሕመም ግን መልእክቱ ስለማይቋረጥ በሩ ተከፍቶ ይከርማል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በሂዩስተን፣ ቴክሳስ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ሕዋሶችን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርገው ቲ ኤን ኤፍ ሰጧቸው። አስቀድሞ ኩርኩሚን በተጨመረባቸው ሕዋሶች ጠባቂው ሳይፈጭ ቀረ፤ ኤን ኤፍ ካፓ ቢም ወደ እምብርቱ አልገባም። ብግነትን ከምንጩ የሚዘጋ የወጥ ቤት ቅመም ተገኘ ማለት ነበር። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተከተሉ። የዚያው ላቦራቶሪ ኃላፊ ባራት አጋርዋል በኋላ ያሳተሟቸው በርካታ ጽሑፎች በምስሎቻቸው ላይ በተነሣ ጥያቄ መጽሔቶቹ እንደሰረዟቸው አንባቢ ማወቅ አለበት። ሆኖም ኩርኩሚን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ይህን መንገድ እንደሚገታ ሌሎች ላቦራቶሪዎችም አይተዋል።

የሚገታበት መንገድ ግን ለጥርጣሬ በር ይከፍታል። ኩርኩሚን ሰልፈር ባለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ላይ የመጣበቅ ጠባይ አለው። ጠባቂው ላይ ምልክት የሚያደርገው ኢንዛይም እንዲህ ያለ ክፍል ስላለው ይያዛል። ነገር ግን ሰልፈር ያላቸው ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው፤ ኩርኩሚንም ሁሉንም ይነካካል። በተጨማሪም ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ስለሚያበራ፣ ውጤትን በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎችን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመድኃኒት ኬሚስትሪ ባለሙያዎች ሰፊ ግምገማ አውጥተው፣ ኩርኩሚን በላቦራቶሪ ፈተና ሁሉ «ይሠራል» የሚል መልስ የሚያስገኝ፣ ስለዚህም በቀላሉ የሚያሞኝ ንጥረ ነገር እንደሆነ አስጠንቅቀዋል።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የመጠኑ ጉዳይ ነው። በመስታወት ዕቃው ውስጥ ኤን ኤፍ ካፓ ቢን በደንብ ለመግታት የሚጨመረው ኩርኩሚን ብዙ ጊዜ በሊትር ከ4 እስከ 18 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ይህን ቁጥር እንያዘው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሚውጠው ሰው ደም ውስጥ ይህን ያህል ይገኛል ወይ የሚል ነው።

እንክብሉ ከተዋጠበት እንነሣ። የአንጀታችን ውስጥ ውኃ ነው፤ ኩርኩሚን ደግሞ ነጠላው ላይ እንዳየነው በውኃ አይሟሟም። ያልሟሟ ነገር በአንጀት ግድግዳ አያልፍም፤ እንደ አሸዋ ተንከባልሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 ስዊድን ውስጥ ለአይጦች ኩርኩሚን በአፍ ተሰጥቷቸው ሲለካ ሦስት አራተኛው በዓይነ ምድራቸው ወጥቶ ተገኝቷል። ቅባት እዚህ ላይ ይረዳል። ኩርኩሚን በቅባት ይሟሟል፤ ቅባት ሲበላ የሚፈስሰው ሐሞትም ቅባቱን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ሰባብሮ ከውኃው ጋር ያስማማዋል። እርድን በቅቤ ወይም በዘይት የሚያበስሉ እናቶቻችን፣ ቅቤ ሲያነጥሩም እርድ ጣል የሚያደርጉት፣ ለቀለሙና ለጣዕሙ ብለው የያዙት ልማድ ከኬሚስትሪው ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ችግር ከሳሙናው ጋር ይመሳሰላል። ሳሙና አሲድን የሚጻረር ጠባይ ስላለው ኩርኩሚንን ቀይ ያደርገዋል፤ በዚያ ሁኔታ ሲቆይም ይፈራርሳል። ትንሹ አንጀትና ደማችን የሳሙናን ያህል ባይሆኑም ከአሲድ የራቁ ናቸው። ተመራማሪዎች ኩርኩሚንን የሰውነት ሙቀትና ለደም የተጠጋ የአሲድ መጠን ባለው ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ሲያስቀምጡት በግማሽ ሰዓት ውስጥ 90 በመቶው ፈርሷል። የደም ፕሮቲኖች ሲጨመሩ ያቅፉታል፤ ያን ጊዜ ለሰዓታት ይቆያል። ይህ ውጤት ስለ መስታወት ዕቃ ሙከራዎቹም የሚለው አለው፤ በአንዳንዶቹ ሥራውን የሠራው ኩርኩሚኑ ይሁን ስብርባሪው ለይቶ መናገር ይቸግራል።

ሦስተኛውና ጥብቁ ኬላ የአንጀት ግድግዳው ነው፤ ከእሱ ቀጥሎም ጉበት አለ። ሰውነታችን ከምግብ ጋር የገቡ ባዕድ ንጥረ ነገሮችን የሚያስወጣበት ሥርዓት አለው። ኢንዛይሞች ባዕዱ ላይ ግሉኩሮኒክ አሲድ የሚባል ከስኳር የሚገኝ ነገር ወይም ሰልፌት ይለጥፉበታል። የተለጠፈበት ንጥረ ነገር በውኃ የሚሟሟ ይሆንና በሐሞት ወይም በሽንት ይወጣል። ኩርኩሚን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚለጠፍበት ቦታ አለው። ግድግዳውን ካለፈው አብዛኛው ወደ ደም የሚደርሰው ተለጥፎበት ነው። የተለጠፈበት ኩርኩሚን ደግሞ ኤን ኤፍ ካፓ ቢን የመግታት አቅሙ እጅግ ደካማ ነው።

ውጤቱን በሰው ላይ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች በአንድ ጊዜ 10 ወይም 12 ግራም ኩርኩሚን ዋጡ። ለሰዓታት ደማቸው እየተቀዳ ሲመረመር ነጻ ኩርኩሚን የተገኘው በአንዱ ሰው ደም ብቻ ነበር። የተለጠፈበቱ ግን በሁሉም ዘንድ ተገኝቷል፤ 10 ግራም ለዋጡት በሊትር እስከ 2.3 ሚሊ ግራም ደርሶ ነበር።

የብልቃጥ ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው የሚጠቅመው ነጥብ እዚህ ላይ አለ። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ደሙን ከመለካታቸው በፊት ልጥፉን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይጨምሩበታል። ሲለኩ የተለጠፈበቱም ነጻውም አንድ ላይ «ኩርኩሚን» ተብሎ ይቆጠራል። እንዲህ የተገኘ ቁጥር ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ምርቱም ከሌላው ብዙ እጥፍ ወደ ደም ይገባል ተብሎ ይጻፍበታል። ቁጥሩ የተገኘው ልጥፉ ከተቆረጠ በኋላ ከሆነ ግን በሰውየው ደም ውስጥ ያን ያህል ነጻ ኩርኩሚን አልነበረም።

ጎረቤቴ ብልቃጡ ላይ «ከቁንዶ በርበሬ ጋር» የሚል ጽሑፍ አሳዩኝ። ይህም ከእውነተኛ ሙከራ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በባንጋሎር፣ ሕንድ ጤነኛ ሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ብቻውን ሲወስዱ ደማቸው ውስጥ የተገኘው ከምንም የማይቆጠር ነበር። በሌላ ጊዜ ያንኑ 2 ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን፣ ማለትም ቁንዶ በርበሬን ከሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ጋር ወሰዱ። ፓይፐሪን የሚለጥፉትን ኢንዛይሞች ስለሚያደናቅፍ ወደ ደም የደረሰው 2000 በመቶ ጨመረ። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ የሚጠቅሱት ይህን ቁጥር ነው።

በፊታችን ካስቀመጥነው ቁጥር ጋር ስናስተያየው ግን ሌላ መልክ ይይዛል። በባንጋሎሩ ሙከራ ከፓይፐሪን ጋር የተገኘው ከፍተኛው መጠን በሊትር 0.18 ሚሊ ግራም ገደማ ነበር፤ እሱም ወዲያው ወርዷል። በመስታወት ዕቃው ሙከራ ላይ የጠቀስነው ከፍተኛው 18 ሚሊ ግራም ነው። መቶ እጥፍ ይለያያሉ። ከምንም ተነሥቶ 20 እጥፍ ቢያድግም ትንሽ እንደሆነ ይቀራል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ኩርኩሚን ከንቱ ነው ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ አልልም፤ ምክንያቱም ወደ ደም የማይደርስ ነገር የማይደርስበት የሰውነት ክፍል ሁሉ አይደለም። ተንከባልሎ የሚያልፍበት አንጀት አለ።

በሌስተር፣ እንግሊዝ በ2005 በታተመ ሥራ የትልቁ አንጀት ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ከቀዶ ሕክምናቸው በፊት ለ7 ቀን ኩርኩሚን ወሰዱ። በቀን 3.6 ግራም የወሰዱት ላይ ከአንጀታቸው ግድግዳ የተቆረጠው ናሙና ሲለካ፣ ጤናማው ክፍል በኪሎ ግራም ከ4 ሚሊ ግራም በላይ ኩርኩሚን ይዞ ተገኘ። በደማቸው የነበረው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ የተገኘው መጠን በመስታወት ዕቃው ሙከራ ላይ ከያዝነው ቁጥር ታችኛው ጫፍ ጋር ይገናኛል። ሰውነት ሳይመጥጠው መቅረቱ ለጉልበት ጉድለት ሲሆን ለአንጀት መድረሻ ሆነ።

ኩርኩሚን ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው በአንጀት በሽታ መሆኑም ከዚህ ጋር ይገጥማል። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው ሕመም የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን እየተቆጣ የሚቆስልበት፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣ በሽታ ነው። በጃፓን በ2006 የታተመ ጥናት ሕመማቸው የበረደላቸውን 89 ሰዎች ያዘ። ሁሉም የተለመደ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ ከፊሎቹ ለስድስት ወር ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ግራም ኩርኩሚን፣ ሌሎቹ ማስመሰያ እንክብል ተሰጣቸው። በመጨረሻ ከተቆጠሩት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው ኩርኩሚን ከወሰዱት 43 ሰዎች 2፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 39 ሰዎች 8 ነበሩ። በ2015 ደግሞ የእስራኤል፣ የሆንግ ኮንግና የቆጵሮስ ሐኪሞች ሕመሙ ገና ባልበረደላቸው 50 ሰዎች ላይ በቀን 3 ግራም ሞከሩ። በአራተኛው ሳምንት ኩርኩሚን ከወሰዱት 26 ሰዎች 14ቱ በርዶላቸዋል፤ ማስመሰያ ከወሰዱት 24 ሰዎች አንድም አልበረደለትም።

የሕንድ ሐኪሞች በዚሁ በሽታ በቀን 450 ሚሊ ግራም ብቻ ሲሞክሩ ግን ከማስመሰያው የተሻለ ነገር አላዩም። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ሁለቱ ጥሩ ውጤቶችም ከተለመደው መድኃኒት ጋር ተደርቦ የተገኙ ናቸው። መድኃኒቱን ትቶ እርድ የሚውጥ ሰው ከእነዚህ ቁጥሮች ድጋፍ አያገኝም። ሆኖም ግራሞች ሲሠሩ ሚሊ ግራሞች አለመሥራታቸው፣ የሠሩትም አንጀት ላይ መሆኑ፣ የኬሚስትሪው ታሪክ ሲነግረን ከነበረው ጋር ይስማማል። ስለ ኩርኩሚን ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የሚሞላው ይህ ነው።

ስለ ጉልበታቸውስ ምን ልበላቸው? በታይላንድ በ2014 የታተመ ጥናት የጉልበት መገጣጠሚያቸው ያረጀባቸውን 367 ሰዎች ለአራት ሳምንት ተከታትሎ፣ በቀን 1.5 ግራም የእርድ ጭማቂ እንክብል የወሰዱት አይቡፕሮፌን ከወሰዱት ጋር የተቀራረበ የሕመም ቅናሽ አይቷል። ማስመሰያ የወሰደ ቡድን ግን አልነበረም። የጉልበት ሕመም በራሱ ከፍ ዝቅ የሚል፣ እንክብል መዋጡ ብቻ ብዙውን ሰው የሚያሻሽለው ሕመም ነው። ስለዚህ ከቅናሹ ስንቱ የእርዱ እንደሆነ ከዚህ ጥናት ማወቅ አይቻልም። ጥቂት ይረዳቸው ይሆናል፤ በኤን ኤፍ ካፓ ቢ በኩል ነው ብሎ ለመናገር ግን በደም ውስጥ የተለካው መጠን አይፈቅድም።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ባጭሩ ካስረዳሁ በኋላ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠየቅኋቸው። ከሁለት ዓመት በፊት እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው ነበርና ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ፓይፐሪን ኩርኩሚንን ለማሳለፍ የሚያደናቅፋቸው ኢንዛይሞች የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን የሚቆጣጠሩ ናቸው፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ከፓይፐሪን ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ እንደሚጨምር ታይቷል። ዋርፋሪን ደግሞ መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ደም የሚያፈስ፣ ትንሽ ሲጎድል ደም የሚያረጋ፣ በየጊዜው በምርመራ የሚስተካከል መድኃኒት ነው። ከዚህም ሌላ በአሜሪካና በጣሊያን የእርድ እንክብል ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ከተመረመሩት ምርቶች አንዳንዶቹ ፓይፐሪን የተጨመረባቸው ነበሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ የምግብ ፍላጎት ከጠፋ እንክብሉን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

«እንግዲያው ወጡስ?» አሉኝ። ወጡ ውስጥ ያለው 15 ሚሊ ግራም እንደሆነ፣ እንደ ልማዳቸው ቢበሉት ችግር እንደሌለው ነገርኳቸው። ብልቃጡን ከዋርፋሪን ካርዳቸው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስገቡት። ሐሙስ ደማቸው ሊመረመር ቀጠሮ ስለነበራቸው እስከዚያ አንድም እንክብል ሳይውጡ ለሐኪማቸው ሊያሳዩት ወሰኑ። ለልጃቸውም ስልክ ደውለው፣ ከእንግዲህ ነገር ከመላክሽ በፊት የምወስደውን መድኃኒት ጠይቂኝ አሏት።